የግሬት ኤክስፔክቴሽንስ ምዕራፍ 1 ማጠቃለያ

የቻርልስ ዲከንስ ልብወለድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1860 እና 61 በየሳምንቱ በመጽሔት እየተቆራረጠ የወጣ፣ ለዛም ይመስለኛል ምዕራፉ አጭር ሆኖ ገና ከጅምሩ ልብ የሚያንጠለጥለው።

ተራኪው ፒፕ ነው። ሙሉ ስሙ ፊሊፕ ፒሪፕ ሲሆን ልጅ እያለ አፉ እሺ ስላላለው ራሱን ፒፕ አለ በዛው ቀረ። እናትና አባቱን አያውቃቸውም፣ መልካቸውን የሚገምተው መቃብራቸው ድንጋይ ላይ ከተቀረፀው ፊደል ቅርፅ ተነስቶ ነው። አምስት ወንድሞቹም እዛው ተቀብረዋል፣ የሚያሳድጉት እህቱና ባሏ ጆ ጋርጀሪ ናቸው፣ ጆ ብረት ቀጥቃጭ ነው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ረግረጉ አጠገብ ያለው መቃብር ቦታ ብቻውን እያለቀሰ እያለ እግሩ ላይ ብረት ያለበት፣ በውሃ የራሰ፣ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰውዬ ከመቃብሮቹ መሀል ብድግ ይልና አፍኖ ይይዘዋል። ዘቅዝቆ ኪሱን ሲያራግፍ ያገኘው ቁራሽ ዳቦ ብቻ ነው፣ እሱንም እንደ ጅብ ነው የሚሰለቅጠው። የጆ ነገር ሲነሳ ግን ወደ እግሩ ብረት አየት ያደርግና ነገ በጠዋት ሞረድና ምግብ ይዘህልኝ ና ይለዋል፣ ካላመጣህ ወይ ለሰው ከተናገርክ አብሮኝ የተደበቀ ጎረምሳ አለ ልብህንና ጉበትህን ያወጣዋል ብሎ ያስፈራራዋል፣ ያስምለዋልም። ፒፕ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ቤቱ ይሮጣል።

ቴማው ለኔ ፍርሀት ነው፣ ግን የፒፕ ብቻ አይደለም። ሰውዬው እናትህ የት አለች ሲለው ፒፕ "እዛ ናት ጌታዬ" ብሎ ይጠቁማል፣ ሰውዬው ደንግጦ ሊሮጥ ይነሳል፣ ለካ ልጁ የጠቆመው መቃብሯን ነው (እዚህ ጋ ሳቄ መጥቷል)። ልብህን አወጣለሁ የሚል ሰው ከአንድ እናት ሊሸሽ! መጨረሻ ላይም ራሱን በሁለት እጁ እቅፍ አድርጎ በሳማው መሀል እያነከሰ ሲሄድ ፒፕ ከሩቅ ያየዋል፣ የሚሄደው ደግሞ ድሮ የባህር ወንበዴ ወደተሰቀለበት የስቅላት እንጨት አቅጣጫ ነው። ደራሲው ሰውዬው ምን አጥፍቶ እንደታሰረ እስካሁን አልነገረንም፣ ስሙንም ጭምር፣ ስለዚህ ልንፈርድበት ብንፈልግ እንኳን በእጃችን ያለው ብርዱና ረሀቡ ብቻ ነው።