እሸቱን በየትኛው መንገድ እናዘጋጀው? ለቡና አምራች አባላት የቀረበ ንጽጽር

እሑድ ጥቅምት 2 ድምፅ የምንሰጠው በሦስት መንገዶች ላይ ነው። አንደኛው የታጠበ ቡና፣ ሁለተኛው ከነልጣጩ የሚደርቀው ጀንፈል፣ ሦስተኛው ሃኒ የሚባለውና ልጣጩ ተነሥቶ ከነዝልግልጉ የሚደርቀው ነው። ለሦስቱም መነሻው 100 ኪሎ በደንብ የቀላ እሸት ነው።

| | የታጠበ | ጀንፈል | ሃኒ |
|---|---|---|---|
| መፈልፈያ ማሽን | ያስፈልጋል | አያስፈልግም | ያስፈልጋል |
| ውኃ | ብዙ | ከሞላ ጎደል የለም | ጥቂት |
| ገንዳ ውስጥ ማብላላት | ከ1 እስከ 2 ቀን | የለም | የለም |
| አልጋ ላይ ቆይታ | 2 ሳምንት ገደማ | ከ3 እስከ 4 ሳምንት | ከ2 እስከ 3 ሳምንት |
| ደርቆ ሲመዘን | 20 ኪሎ ገደማ | 33 ኪሎ ገደማ | ከ20 ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል |
| ተቀሽሮ ንጹሕ ፍሬ | 16 ኪሎ ገደማ | 16 ኪሎ ገደማ | 16 ኪሎ ገደማ |
| ዋናው ሥጋት | ማሽን ቢቆም ወይም ውኃ ቢያጥር | ዝናብና ሻጋታ | ፍሬው መጣበቅና መሻገት |
| ጣዕም | የጠራ፣ አበባማ | ፍራፍሬማ፣ ወፍራም | በሁለቱ መካከል፣ ጣፋጭ |

«ደርቆ ሲመዘን» እና «ተቀሽሮ ንጹሕ ፍሬ» የሚሉትን ሁለት ረድፎች ደግማችሁ እዩልን። በየመንደሩ «ጀንፈል ሚዛን ይደፋል» ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፣ 33 ከ20 ይበልጣል። ነገር ግን ትርፉ ሲቀሸር የሚወድቅ ገለፈት ነው፤ ለውጭ ገበያ የሚላከው ፍሬ እኩል ነው። ስለዚህ ማንም ገዥ ዋጋ ሲነግራችሁ በቅድሚያ «የጀንፈል ነው ወይስ የንጹሕ ፍሬ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ከባድ ጉዳይ አልጋ ነው። ያሉን 36 አልጋዎች ናቸው። የታጠበ ቡና በሁለት ሳምንት ለቆ ለሚቀጥለው ቦታ ይሰጣል፤ ጀንፈል ግን ያንኑ አልጋ እስከ አንድ ወር ይይዛል፣ እሸቱም ከነልጣጩ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ጀንፈል ከተመረጠ ወይ አልጋ እንጨምራለን፣ ወይ በኅዳር አጋማሽ እሸት መቀበል እናቆማለን። በቀን ደጋግሞ ማገላበጡንና ማታ መሸፈኑን የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ የሥራው ቀን ሲረዝም የቀን ክፍያቸውም አብሮ መታሰብ አለበት።

የታጠበ ከተመረጠ ደግሞ የእጥበቱ ፍሳሽ ወደ ወንዙ መግባት የለበትም። ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን የሚጠጡት ከዚያው ነው። የማጣሪያ ጉድጓዱና የቬቲቨር ሣሩ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ያልቃሉ፤ በዚህ ኮሚቴው አይደራደርም።

ዋጋ በሰንጠረዡ ያልገባው እንደየገዥው ስለሚለያይ ነው። የገዥዎች የጽሑፍ ዋጋ ሁሉም በንጹሕ ፍሬ ተሰልቶ በጉባኤው ይነበባል።

የጥራት ኮሚቴው አስተያየት፦ ወንዙ ሙሉ እስካለ ድረስ የታጠበ፣ ውኃው ሲቀንስ ጀንፈል፣ ሃኒ ደግሞ ዘንድሮ በአራት አልጋ ብቻ ለሙከራ። ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ አባላት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ተናገሩ፤ ለእያንዳንዱ መንገድ እኩል የመከራከሪያ ጊዜ ተይዟል።