የሥጋ ዶሮ እርባታ የሥራ ዕቅድ፦ 3 ቤት፣ በየ3 ሳምንቱ 500 ጫጩት

ይህ ዕቅድ የተጻፈው ለአራታችን ሸሪኮች ነው። ብድር የምንጠይቀው ተቋምም ይኸንኑ ያነባል።

መጀመሪያ ስለ መለኪያው። ሒሳቡን በሙሉ የሠራነው በ"ኪሎ መኖ" ነው። አንድ ኪሎ መኖ ማለት የስታርተር፣ የግሮወርና የፊኒሸር አማካይ ዋጋ ነው። የመኖ ዋጋ በየወሩ ስለሚቀያየር በገንዘብ የጻፍነው ዕቅድ ሦስት ወር ሳይሞላው ያረጅብናል። ደግሞም ትርፋችንን የሚወስነው የዶሮ ዋጋ ብቻውን አይደለም። አንድ ኪሎ ዶሮ ሸጠን ስንት ኪሎ መኖ እንገዛለን? ጥያቄው ይህ ነው።

የመንጋው መጠን

ሦስት ቤቶች አሉን፤ እያንዳንዳቸው 50 ካሬ ሜትር ናቸው። በካሬ ሜትር 10 ዶሮ ስናደርግ በአንድ ቤት 500 ይገባል። ከዚያ በላይ ማጨቅ ይቻላል፤ ግን አየሩ ይታፈናል፣ ሰጋቱራው ይረጥባል፣ በሽታው ይከተላል።

1,500ውን በአንድ ጊዜ አናስገባም። በየ21 ቀኑ አንድ ቤት ይሞላል። የአንድ ቤት ዙር 63 ቀን ነው፦ 42 ቀን እድገት፣ 7 ቀን ሽያጭ፣ 14 ቀን ጽዳትና ዕረፍት። በአንድ ቤት ውስጥ የተለያየ ዕድሜ አይቀላቀልም። ሁሉም አብሮ ይገባል፣ አብሮ ይወጣል።

"ለምን የእንቁላል ዶሮ አይሆንም?" የሚል ጥያቄ ከመካከላችን ተነስቶ ነበር። የእንቁላል ዶሮ ከጫጩትነት ተነስታ መጣል እስክትጀምር ወደ 20 ሳምንት ትቀለባለች። ያን ያህል ጊዜ ያለ ገቢ የሚያቆየን ገንዘብ የለንም።

መኖ

አንድ ዶሮ በ42 ቀን 4 ኪሎ በልቶ 2.2 ኪሎ እንዲመዝን አቅደናል። የተሻለ ውጤት የሚያመጡ እርባታዎች አሉ፤ እኛ ግን ጀማሪዎች ነን። የሚሞቱት የሚበሉትና የሚደፋው ሲጨመር ለአንድ ዙር 20 ኩንታል ያስፈልጋል። በ50 ኪሎ ጆንያ ሲቆጠር፦ እስከ 10ኛው ቀን 3 ጆንያ ስታርተር፣ እስከ 24ኛው ቀን 12 ጆንያ ግሮወር፣ ከዚያ እስከ ሽያጭ 25 ጆንያ ፊኒሸር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከ40ው ጆንያ 25ቱ የሚያልቀው በመጨረሻዎቹ 18 ቀናት ነው። ገንዘብ የሚያጥረውም ያኔ ነው። ስለዚህ የፊኒሸሩ ገንዘብ ጫጩት ከመታዘዙ በፊት ባንክ ውስጥ መኖር አለበት። መኖ ከአንድ ወር በላይ አናከማችም። ጆንያ መሬት አይነካም፤ እርጥበት የነካው መኖ ይሻግታል።

የአንድ ዙር ወጪ በኪሎ መኖ፦

| ወጪ | ኪሎ መኖ |
|---|---|
| መኖ | 2,000 |
| 500 ጫጩት (አንዱ 1.25) | 625 |
| የሠራተኛ ደመወዝ | 300 |
| የቤት ኪራይና የዕቃ እርጅና | 170 |
| ማሞቂያና ሰጋቱራ | 150 |
| ክትባትና መድኃኒት | 80 |
| ትራንስፖርት | 75 |
| ድምር | 3,400 |

ሞት

ባለፈው ሙከራ ከ200 ጫጩት 31 ሞቱብኝ። 19ኙ ያለቁት በአንድ ሌሊት ነው። ማሞቂያው ጠፍቶ እኔ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። ጠዋት ስገባ ጥግ ላይ ተደራርበው አገኘኋቸው። በዚህ ዕቅድ የመጀመሪያዎቹ 10 ሌሊቶች በተራ የምናድረው ለዚህ ነው፤ ተራው እኔንም ይጨምራል።

የፈቀድነው ሞት ከ500 25 ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 10፣ በ2ኛውና በ3ኛው 6፣ ከዚያ እስከ ሽያጭ 9። ቁጥሩን መከፋፈሉ ምክንያት አለው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞት ጫጩት የጫጩቱን ዋጋና ትንሽ መኖ ይዞብን ይሄዳል። በ6ኛው ሳምንት የሚሞተው ግን ከሦስት ኪሎ በላይ መኖ በልቶ ነው።

የሞቱት ሳይበሉት የሚተርፈው መኖ ታስቦ፣ ሞቱ ከ25 ወደ 50 ሲያድግ የዙሩ ትርፍ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። 98 ሲደርስ ትርፍ የለም።

ጫጩት ሲገባ ሙቀቱ በጫጩቶቹ ከፍታ 32 ዲግሪ ይሆናል፤ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ ይቀንሳል። በ7ኛውና በ21ኛው ቀን የፈንግል፣ በ14ኛው ቀን የጉምቦሮ ክትባት ይሰጣል። የእንስሳት ሐኪሙ ቀኑን ከቀየረው የሱ ቃል ይጸናል። በአንድ ቀን 5 ከሞቱ ሳይውል ሳያድር ይጠራል። የሞተ ዶሮ አይሸጥም፣ ለውሻም አይጣልም፤ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበራል። ጎብኚ ቤት ውስጥ አይገባም፤ ሸሪክ የሆነ ዘመድም ቢሆን ጫማ ሳይቀይር አይገባም።

የሽያጭ ዑደት

ከ475 ዶሮ 300ው በቅድሚያ ውል ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለአንድ ቸርቻሪ ይሄዳል፤ አንድ ኪሎ በ3.6 ኪሎ መኖ። ቀሪው 175 በር ላይ በ3.9 ይሸጣል።

በ35ኛው ቀን 30 ዶሮ መዝነን ለደንበኞች እንደውላለን። በ38ኛው ቀዳሚ ክፍያ እንቀበላለን። በ42ኛውና በ43ኛው የውሉ 300 ይወጣል፤ ግማሽ ክፍያ እዚያው፣ ግማሹ በ7 ቀን ውስጥ። ያለፈውን ዱቤ ያልከፈለ የሚቀጥለውን አይወስድም። በር ላይ ዱቤ የለም። በ49ኛው ቀን ማታ የተረፈ ካለ ዋጋ ተቀንሶ ይወጣል። 2.2 ኪሎ ያልነው ክብደት መኖ ለ8 ሰዓት ተነስቶ የተመዘነ ነው። የጠገበ ዶሮ መሸጥ አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ ደንበኛው ሁለተኛ አይመጣም።

"ትንሽ ቆይተን እናወፍረው" የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሒሳቡ ያጓጓል፦ በቀን ወደ 180 ግራም በልቶ ወደ 80 ግራም ይጨምራል፣ የጨመረው ከበላው በላይ ይሸጣል። ችግሩ ቤቱ ነው። የሚቀጥለው ጫጩት ታዝዟል፤ የቆየንበት ቀን ሁሉ ከ14ቱ የዕረፍት ቀን ይቀነሳል። ካልደረቀ ቤት ውስጥ የሚገባ ጫጩት የቀደመውን ዙር በሽታ ይወርሳል።

ገቢና መነሻ ገንዘብ

ከአንድ ዙር ወደ 3,877 ይገባል። ወጪው 3,400 ሲነሳ 477 ይተርፋል፤ የብድር ወለድ ከዚህ ላይ ይከፈላል። በመጀመሪያው ዓመት 16 ዙር ሸጠን እንጨርሳለን፣ ትርፉም 7,632 ይሆናል። አንዱ ዙር ሙሉ በሙሉ ቢጠፋስ? 3,755 ይቀራል። ብድሩን ያሰላነው በዚህኛው ቁጥር ነው።

የመኖ ዋጋ ብቻውን በ10 በመቶ ቢጨምርና የዶሮ ዋጋ ባይከተል ትርፉ ወደ 277 ይወርዳል። በ24 በመቶ ቢጨምር አለቀ።

ከቀዳሚ ክፍያው በቀር የመጀመሪያው ገቢ የሚመጣው በ42ኛው ቀን ነው። እስከዚያ አንደኛው ዙር አልቆ፣ ሁለተኛው ተጋምሶ፣ የሦስተኛው ጫጩት ገብቷል። ለዚህ 5,700፣ ለመጠባበቂያ የአንድ ዙር ወጪ 3,400፣ ለሁለቱ ቤቶች ዕቃ 1,100 ያስፈልጋል፤ የሦስተኛው ዕቃ ከሙከራው አለ። ድምሩ 10,200 ነው። ግማሹን አራታችን እኩል እናዋጣለን፣ ግማሹን እንበደራለን። መጠባበቂያው የሚነካው በሦስት ሸሪኮች ፊርማ ብቻ ነው።

ጫጩት ከ3 ሳምንት በፊት ይታዘዛል። በየትዕዛዙ ዋዜማ የዕለቱን የአንድ ኪሎ ዶሮ ዋጋ ለአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ እናካፍላለን። አንድ ኪሎ ዶሮ ከ3.25 ኪሎ መኖ በታች ካወጣ ያንን ዙር እንዘለዋለን። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከዘለልን ሁለቱን ቤቶች ለኪራይ አውጥተን በአንዱ ብቻ እንቀጥላለን።