ርዕሰ ጉዳይ፦ የ40 የተማሪ ዴስክ ዋጋ ማቅረቢያ (እስከ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. የሚጸና)

ለግዥ ክፍል ኃላፊ፣
ጤና ይስጥልኝ፣

ማህተም ያረፈበት ፕሮፎርማ ከዚህ ኢሜይል ጋር ተያይዟል።

ባለሁለት መቀመጫ ዴስክ፣ እግሩ 25×25 ሚ.ሜ. ቱቦላሬ ውፍረቱ 1.5 ሚ.ሜ.፣ ገጹ 18 ሚ.ሜ. ኤምዲኤፍ፦
40 × 4,600 = 184,000 ብር
ተ.እ.ታ. 15% = 27,600 ብር
ጠቅላላ = 211,600 ብር

ዋጋው የሚጸናው ከነገ መጋቢት 5 ጀምሮ ለ15 ተከታታይ ቀናት፣ እስከ ዓርብ መጋቢት 19 ከቀኑ 11:00 ሰዓት ነው። እስከዚያው የግዥ ትዕዛዙም ቅድመ ክፍያውም ሊደርሱን ይገባል፤ ትዕዛዙ ብቻ ዋጋውን አያስጠብቅም። የቱቦላሬ ዋጋ ስለማይረጋ ብረቱን የምንገዛው በቅድመ ክፍያው ነው።

ክፍያው 50% (105,800 ብር) ከትዕዛዙ ጋር፣ ቀሪው 105,800 ብር ርክክብ በተፈረመ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ በፕሮፎርማው ላይ ወዳለው ሒሳብ ይገባል። ቅድመ ግብር የምትቀንሱ ከሆነ ደረሰኙን ከክፍያው ጋር ላኩልን።

የምናስረክበው ቅድመ ክፍያው ሒሳባችን ከገባበት ማግስት ጀምሮ በሚቆጠሩ 18 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ እስከ ግቢያችሁ በር ማጓጓዝ በዋጋው ተካቷል፤ የአውራጅ ሒሳብና ወደ ፎቅ ማውጣት ግን የገዢው ነው። ሥራ ከተጀመረ በኋላ የቀለም ወይም የልክ ለውጥ አዲስ ዋጋ ይጠይቃል። ለብየዳና ለማያያዣ የ12 ወር ዋስትና እንሰጣለን፤ ኤምዲኤፉ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ አይሸፈንም።

ከተስማማችሁ ትዕዛዙን በዚሁ ኢሜይል ምላሽ ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር
ሽያጭ ክፍል፣ የብረታ ብረትና እንጨት ሥራ
አዘዞ፣ ጎንደር