ትዕግሥት፣ እንኳን ደህና መጣሽ!

ሰላም ትዕግሥት፣ እንኳን ደህና መጣሽ! እንኳን ለ130ኛው የዓድዋ ድል በዓልም አደረሰሽ። በበዓል ቀን ግሩፕ ውስጥ ስለጨመርንሽ አትቀየሚን። ነገ ቢሮ ስትገቢ ቢያንስ ስማችን አዲስ እንዳይሆንብሽ ብለን ነው። እኔ ሄኖክ እባላለሁ፣ ሰነድ ክፍል ነኝ። መልእክቱ ረዘም ይላል፤ ሲመችሽ አንብቢው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላቅልልሽ። እዚህ «እስቲ ስለራስሽ ንገሪን» የሚልሽ የለም። ሁላችንም ስንገባ ተጨንቀን የሆነ ነገር ጽፈናል፤ የጻፍነውን ደግሞ አንድም ሰው አያስታውሰውም። አሁን ከእኔ ቀጥሎ ስቲከር ይዘንባል። ለእያንዳንዱ «አመሰግናለሁ» እያልሽ በዓልሽን አታበላሺ። አንድ ልብ ላኪ፣ ለሁላችንም ይበቃል።

መምጣትሽ ለምን ደስ እንዳለን ግን ልንገርሽ፣ ለወጉ ያህል እንዳይመስልሽ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡት። የቡና ቅምሻ ክፍሏ ኃላፊ ሀያት ጾመኛ ስለሆነች ቀን ቀን ጠረጴዛው ላይ አትቆምም፤ እርጥበት መለካቱንና የጉድለት ለቀማውን ይዛለች። ቀማሹ ያሬድም ከጾም ሰዓቱ በፊት ማንኪያ አይነካም። ከሰዓት በኋላ ብቻውን ቆሞ ፉት ሲል፣ ሲተፋ፣ ነጥብ ሲሰጥ፣ ከዚያ ከራሱ ጋር ሲከራከር ነው የሚውለው። ስናልፍ እናየዋለን፤ አንጀት ይበላል።

እኔ የወረቀት ሰው ነኝ፣ ጣዕም ላይ ብዙ አልገባም። ቢሆንም አንድ ሰው ብቻ ቀምሶት ለገዢ የሚላክ ናሙና እንቅልፍ አይሰጠኝም። አንድ ኮንቴይነር ማለት 320 ጆንያ ነው፣ 19.2 ቶን። በጅቡቲ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ከደረሰ በኋላ «ይሄ ከላካችሁልን ናሙና ይለያል» የሚል ኢሜይል ቢመጣ መጀመሪያ የሚከፈተው የእኔ ፋይል ነው። እና ሁለተኛ ቀማሽ ስላገኘን ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ ብል አልዋሸሁም።

ጅማ ላብራቶሪ ውስጥ እንደሠራሽ ሀያት ነግራናለች። ይሄ ደግሞ ሌላ ሥራ ያመጣብሻል። ቢሮው ውስጥ የማያልቅ ክርክር አለ። ያሬድ የይርጋጨፌ ጠበቃ ነው፤ አበባ አበባ ካልሸተተው፣ ሎሚ ሎሚ ካላለው ቡና ነው አይልም። ሀያት የሐረር ልጅ ናት፣ ከእሷ ጋር መከራከር አይሞከርም። ለጅማ ግን እስከ ዛሬ ተከራካሪ አልነበረውም። ጅማ ሲባል «ጅማ 5» ብቻ ትዝ የሚለው ሰው ሁሉ እዚህ አለ። ስም አልጠራም። ያሬድ ነው። አንድ ቀን የአጋሮን የታጠበ ቡና፣ ከየት እንደመጣ ሳትነግሪው፣ ከሌሎቹ ስኒዎች ጋር ቀላቅለሽ አስቀምሺልን። ተመልካች በነፃ ይገባል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራሽ ቀላል ነው። ከያሬድ ጋር አንድ አይነት ስኒ ቀምሳችሁ ነጥባችሁን ታስተያያላችሁ፣ በቃ። እሱ 86 ያለውን አንቺ 83 ካልሽው 83 ብለሽ ጻፊ። ሰው አዲስ ሲሆን ላለማስቀየም ብሎ 85 ይላል፤ እንደዛ ካደረግሽ ግን ለያሬድ ሁለተኛ ያሬድ አመጣንለት ማለት ነው። የሚልሽን ሁሉ እሺ እንድትዪው አይፈልግም። ፊቱን አይተሽ አትፍረጂ፣ ሲቀምስ ሁሌም የተቆጣ ነው የሚመስለው።

ስለ ግሩፑ ትንሽ ልበል። እዚህ ሁላችንም አንተ፣ አንቺ ነው የምንባባለው፣ ሀያትን ጨምሮ። አንቱ የምንለው የሰርቪሱን ሾፌር ጋሽ ታደሰንና ቡና የሚያፈሉልንን እትዬ አልማዝን ብቻ ነው። ጋሽ ታደሰ በየማለዳው የአበባ ሥዕል ያለበት የ«መልካም ቀን» ምርቃት ይልካሉ። አንድ ሰው «አሜን» ካለ ይበቃል፣ ግን አንድ ሰው የግድ ማለት አለበት።

ሰዓት ስትጽፊ «በእኛ» ወይም «በፈረንጅ» ብለሽ ጨምሪበት። ይሄን አደራ። የሴኦል ገዢዎች በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት እንገናኝ ሲሉ ለእኛም 9 ሰዓት ነው፣ ግን ሌሊት 9። «ስብሰባ 9 ሰዓት» የሚል መልእክት ብቻ አይቶ ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን ተኩሶ ላፕቶፑ ፊት የተቀመጠ ሰው አለን።

የናሙና ውጤትና ሰነድ በኢሜይል ነው የሚሄደው፣ እዚህ አይለቀቅም። እዚህ የሚለቀቀው «ሰርቪሱ የት ደረሰ?»፣ «ቻርጀሬን ማን ወሰደው?» የሚለው ነው። ማታና እሁድ ድምፁን አጥፊው፤ አስቸኳይ ነገር ካለ እንደውላለን። እቁብም አለን። የመጀመሪያ ደሞዝሽን ሳትቀበዪ ማንም ስለ እቁብ እንዳያነሳብሽ ተነግሯቸዋል። ካነሱብሽ ለእኔ ጠቁሚኝ።

የጀበናው ቡና ሌላ ጊዜ 4 ሰዓት ላይ ነበር፤ በጾሙ ምክንያት ወደ 9 ተዛውሯል (በእኛ፣ ከሰዓት)። ሀያት ባትጠጣም አብራን ትቀመጣለች። እትዬ አልማዝ ለማፍጠሪያዋ ቴምር ይሸፍኑላታል። አንቺ ትጾሚ አትጾሚ የሚጠይቅሽ የለም፤ ምሳ በየዓይነቱም አለ፣ ሌላም አለ። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ ለእትዬ አልማዝ ቡና ነጥብ መስጠት ክልክል ነው። ያሬድ አንዴ ተሳስቶ «84» ብሎ ነበር። 84 ጥሩ ነጥብ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከመ። እሳቸው ግን «ከመቶ?» ብለው ጠየቁት፤ ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሦስተኛውን ብቻ ነበር የሚያቀርቡለት።

ለነገ የሚያስፈልግሽን ልጨርስልሽ። ሰርቪሱ መገናኛ ጋ ጠዋት 1፡15 ይደርሳል፤ ጋሽ ታደሰ ቦታ ይዘውልሻል፣ ከኋላቸው መስኮቱ ጋ። ቃሊቲ ስትደርሺ በር ላይ ጥበቃዎቹ መታወቂያ ይጠይቁሻል፣ ፋይዳም ይሆናል። ሀያት 2፡30 ላይ ወጥታ ትቀበልሻለች። ነጭ ጋዋን በልክሽ ተቀምጧል። ሽቶ ግን እንዳትቀቢ፤ ይሄን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እኔ ግን በዚህ ምክንያት ከቅምሻ ክፍሉ በተደጋጋሚ ስለተባረርኩ ነው የምነግርሽ።

ሰርቪሱ ካመለጠሽ ወይም መንገዱ ከጠፋብሽ እዚሁ ጻፊ፣ አንዳችን እናየዋለን። መልካም በዓል!