አባሮሽና ገና፦ የ4ኛ ክፍል የሰውነት ማጎልመሻ ምዕራፍ ዕቅድ

ጊዜ፦ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ዋዜማ፣ 6 ሳምንት፣ በሳምንት 2 ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ።
ቁሳቁስ፦ መሐረብ፣ ኖራ፣ በጨርቅ የተሰፋ ኳስ፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ።

ምዕራፉ ሲያልቅ ተማሪው እየሮጠ ሳለ ፊሽካ ሲሰማ ሳይወድቅ ይቆማል፤ ጉልበቱን አጥፎ በፍጥነት አቅጣጫ ይቀይራል፤ ቀና ብሎ እያየ ባዶ ቦታ ያገኛል፤ ኳስ በዱላ አቁሞ ለጓደኛው ያቀብላል።

በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት መሐረቤን ያያችሁ እና አባሮሽ ይጫወታሉ። መሐረቤን ያያችሁ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ያስተምራል። ልጁ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ መሮጥ አለበት። በክብ ሲሮጥም ሰውነቱን ወደ ውስጥ ዘንበል ካላደረገ ወደ ውጭ ይወጣል። እዚያ ላይ ቆም አድርጋችሁ አሳዩት፤ ከዚያ ጨዋታው ይቀጥል። ክፍሉ ብዙ ተማሪ ካለው 4 ክብ ሥሩ። በአንድ ትልቅ ክብ አብዛኛው ልጅ ተቀምጦ ይውላል።

በአባሮሽ የተያዘ ልጅ አይወጣም። ይህን አጥብቄ እላለሁ። ቀድሞ የሚያዘው ልምምድ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ ነው፤ እሱን ዳር ማስቀመጥ ትምህርቱን መንፈግ ነው። የተያዘው አባራሪ ይሁን። በክራንች የሚሄድ ልጅ ካለ በኖራ ጠበብ ያለ ሜዳ ይሠመርና እሱ ያባር፤ ሌሎቹ ከመስመሩ አይወጡም።

በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት ሌባና ፖሊስ ነው። ፖሊሶቹ ከመጀመራቸው በፊት 1 ደቂቃ ይመካከሩ፦ ማን መንገድ ይዘጋል? ማን ያባርራል? ለብቻው የሚሮጥ ፖሊስ ማንንም እንደማይዝ ራሳቸው ይደርሱበታል።

የመጨረሻዎቹ 2 ሳምንታት የገና ናቸው። መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነው ቆመው ይቀባበሉ፣ ከዚያ እየሄዱ፣ በመጨረሻ 5 ለ5 ይጋጠሙ። ዱላ ከጉልበት በላይ ከተነሳ ኳሱ ለተቃራኒ ቡድን ይሰጣል። ጠንካራ ሩር አይገባም፤ የጨርቁ ኳስ ይበቃል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ዜማ ልጆቹ ይዘምሩት፤ አያቶቻቸው እንዴት ይጫወቱ እንደነበርም ጠይቀው ይምጡ። ገና የወንዶች ጨዋታ ነው የሚል ይኖራል። እዚህ ሴቶቹም እኩል ዱላ ይይዛሉ፤ ቡድኑም የተቀላቀለ ነው።

ምዘናው ጨዋታው እየሄደ ነው። በየክፍለ ጊዜው 8 ልጆች መርጣችሁ አንድ ነገር ብቻ እዩ፣ ለምሳሌ አቋቋማቸውን። «ገና ነው»፣ «እየመጣ ነው»፣ «ችሏል» ብላችሁ መዝግቡ። ማን አሸነፈ የሚለው ነጥብ የለውም። «ገና ነው» የተባለ ልጅ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ማሟሟቂያ ላይ ያንኑ እንቅስቃሴ ቀስ ብሎ ይደግመዋል፤ በሳምንቱ እንደገና ይታያል።