ከሐሙሱ ትምህርታችን በፊት፦ በመለማመጃ ፈተናው ስለተሳሳትኳቸው ጥያቄዎች

ለመምህሬ፣
ጤና ይስጥልኝ።

የላኩልኝን የምግብ ማይክሮባዮሎጂ መለማመጃ ፈተና ሠርቼ ከመልስ ቁልፉ ጋር አመሳክሬዋለሁ። ትክክለኛውን መልስ አይቼ ከማለፍ ይልቅ የተሳሳተውን ለምን እንደመረጥኩ እንድጽፍ ነግረውኝ ነበርና ይኸው ጽፌዋለሁ። ረዘም ስላለ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጊዜ ካጠረዎት ግን ስለ 31ኛው ጥያቄ የጻፍኩትን ብቻ ቢያነቡልኝ ይበቃኛል፤ እሱ ላይ ከመልስ ቁልፉ ጋር አልተስማማሁም።

መጀመሪያ ስህተቶቼ በየምዕራፉ የተበታተኑ መስለውኝ ነበር። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ የሚነሡ ሆነው አገኘኋቸው። ጥያቄው ውስጥ ሙቀት በተጠቀሰ ቁጥር «ባክቴሪያው ይሞታል ወይስ አይሞትም?» ብዬ ብቻ ነበር የማስበው። መጠየቅ የነበረብኝ ግን ሙቀቱ ያገኘው ሕዋሱን ነው፣ ስፖሩን ነው ወይስ መርዙን የሚለውን ነው። ሦስቱ ለሙቀት ያላቸው ጽናት ፈጽሞ የተለያየ ነው።

4ኛውን ጥያቄ ልውሰድ። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሠራተኛ የነካካው የበሰለ ሥጋ ለሰዓታት ከማቀዝቀዣ ውጭ ቆየ፤ ከዚያም እስከ 75 ዲግሪ ሴልሲየስ ድረስ ተሞቀ፤ የበሉት ሰዎች በ3 ሰዓት ውስጥ አስመለሳቸው። ማሞቁ ለምን አላዳናቸውም? እኔ «ሙቀቱ ባክቴሪያውን ለመግደል ስላልበቃ» የሚለውን መረጥኩ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ግን ስፖር አይሠራም፤ በዚያ ሙቀት ሕዋሱ ይሞታል። የሚተርፈው ሥጋው ውጭ በቆየበት ጊዜ ያመረተው መርዝ ነው፤ ያንን ደግሞ ማፍላት እንኳን በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠፋውም። ሰዓቱ ራሱ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚመጣ ትውከት፣ መርዙ ከመበላቱ በፊት ምግቡ ውስጥ ተዘጋጅቶ እንደነበር ያመለክታል።

9ኛው የዚህ ግልባጭ ነው። «የክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም መርዝ ለ10 ደቂቃ በማፍላት ይጠፋል» የሚለውን ሐሰት አልኩት፤ ምክንያቱም ይህ ባክቴሪያ በአእምሮዬ የተመዘገበው «ሙቀት የማይበግረው» ተብሎ ነው። ሙቀት የማይበግረው ስፖሩ ነው፤ በቆርቆሮ የሚታሸግ አሲዱ ዝቅተኛ የሆነ ምግብ በግፊት እስከ 121 ዲግሪ የሚሞቀው ለዚህ ነው። መርዙ ግን በሙቀት የሚፈርስ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ በስታፊሎኮከስ ደካማው ሕዋሱ፣ ጠንካራው መርዙ ነው፤ በቦቱሊነም ደግሞ ጠንካራው ስፖሩ፣ ደካማው መርዙ። ሁለቱን አንድ ላይ ካጠናሁ ወዲህ አይምታቱብኝም። (ይህ ለፈተናው መልስ ነው እንጂ ያበጠ ቆርቆሮን አፍልቶ መብላት ይቻላል ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የሚጣለው ሳይቀመስ ነው።)

በ15ኛው የቀረበው የባሲለስ ሴሬየስና የሩዝ ጥያቄ ከሁለቱም የከፋ ነው። ስፖሩ ከቅቅሉ ይተርፋል፤ የተቀቀለው ሩዝ ውጭ ሲያድር ይበቅልና ይራባል፤ ትውከት የሚያስከትለው መርዙም በ121 ዲግሪ ለ90 ደቂቃ እንኳን አይፈርስም። ተቅማጥ የሚያስከትለው ሌላው መርዙ ግን በሙቀት ይፈርሳል፤ የሚመረተውም አንጀት ውስጥ ስለሆነ ምልክቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። አንዱ ባክቴሪያ ሁለት ዓይነት በሽታ የሚያመጣው በዚህ መንገድ መሆኑን ከዚህ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

22ኛው ስሌት ነው። በ121 ዲግሪ ዲ ዋጋው 0.21 ደቂቃ፣ ዚ ዋጋው 10 ዲግሪ ሆኖ በ111 ዲግሪ የ12 ዲ ቅነሳ ስንት ደቂቃ ይፈጃል ይላል። 2.52 ብዬ መለስኩ፤ ይህ የ121 ዲግሪው መልስ ነው። ዲ ዋጋ ጊዜ ነው፣ ዚ ዋጋ ግን የሙቀት ልዩነት ነው፤ ሙቀቱ በአንድ ዚ ዝቅ ሲል ዲ በአሥር እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ 2.1 ሲባዛ በ12፣ 25.2 ደቂቃ ይሆናል። በደንብ መረዳቴን ለማየት በ116 ዲግሪ ቢሆንስ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፦

D = 0.21 × 10^((121 − 116)/10) = 0.66
12 × D ≈ 8 ደቂቃ

ልዩነቱ የዚ ግማሽ ስለሆነ የ2.52 እና የ25.2ን አማካይ ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ግንኙነቱ በሎጋሪዝም ስለሆነ ነው ብዬ ደምድሜአለሁ፤ አሠራሩን ቢያዩልኝ።

18ኛውና 27ኛው ብዙ አያነጋግሩም። በ18ኛው ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ በ4 ዲግሪም እንደሚራባ ረስቼ ነበር። በ27ኛው ደግሞ ሳህኑ ላይ የተዘራው 0.1 ሚሊ ሊትር መሆኑን አላካተትኩም። ከ10⁻⁴ ቅጥን የተገኙት 156 ኮሎኒዎች በግራም 1.56 × 10⁷ ናቸው፤ የእኔ መልስ አንድ ዜሮ ጎድሎታል።

አሁን ወደ 31ኛው ልምጣ። በትልቅ ድስት የተሠራ የሥጋ ወጥ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ በማግስቱ የበሉት ሰዎች ከ12 ሰዓት ገደማ በኋላ ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ባክቴሪያው ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ መሆኑን አግኝቻለሁ። በሽታው በየትኛው ክፍል ይመደባል ለሚለው ግን ቁልፉ «ቀድሞ በተመረተ መርዝ መመረዝ» ይላል፤ እኔ የመረጥኩት «በመርዝ አማካኝነት የሚመጣ ኢንፌክሽን» የሚለውን ነው፤ አሁንም አልቀይረውም።

ምክንያቴ ይህ ነው። ስፖሩ ከማብሰሉ ይተርፋል፤ ማብሰሉ ኦክስጅኑን ከወጡ ስለሚያስወጣ ለባክቴሪያው ይመቸዋል፤ ወጡ በዝግታ ሲቀዘቅዝም በፍጥነት ይራባል። ሰዎቹ የሚበሉት በብዛት ያለ ሕያው ሕዋስ ነው። መርዙ የሚለቀቀው ሕዋሶቹ ትንሹ አንጀት ውስጥ ስፖር ሲሠሩ ነው። መርዙ ወጡ ውስጥ ተዘጋጅቶ ቢሆን ኖሮ እንደ 4ኛው ጥያቄ ምልክቱ ቶሎ ይታይ ነበር፤ 12 ሰዓት መቆየቱ በራሱ ማስረጃ ነው። ደግሞም ወጡ ከመበላቱ በፊት በደንብ ተሞቆ ቢሆን ሕዋሶቹ ሞተው ሰዎቹ ይድኑ ነበር፤ በስታፊሎኮከሱ ሥጋ ግን ማሞቅ አልረዳም።

ይህንን ሳስብ ክፍሉን የሚወስነው የባክቴሪያው ስም ሳይሆን መርዙ የሚመረትበት ቦታ ነው የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ራሱ ቦቱሊነም በቆርቆሮ ምግብ ሲመጣ መርዙ ተዘጋጅቶ የሚበላ ነው፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር ሲቀምስ ግን የሚገባው ስፖሩ ነው፤ መርዙም የሚመረተው ሕፃኑ አንጀት ውስጥ ነው። ስሙ አንድ፣ ክፍሉ ሁለት። ቁልፉ ልክ ከሆነ ግን ያልገባኝ ነገር አለና የቱ ጋ እንደሳትኩ ቢያሳዩኝ በጣም እፈልጋለሁ።

አንድ ልመና ልጨምር። የባክቴሪያው ስም ያልተጠቀሰባቸው፣ የምግቡ ታሪክና ምልክቱ የታየበት ሰዓት ብቻ የተሰጠባቸው ጥቂት ጥያቄዎች ካሉዎት ከሐሙስ በፊት ቢልኩልኝ እሠራቸዋለሁ። ስሙ ሲጻፍልኝ የሸመደድኩትን ነው የምመልሰው፤ ሰዓቱና ሙቀቱ ብቻ ሲሰጠኝ ግን ለማሰብ እገደዳለሁ።

አክባሪ ተማሪዎ