የደመራ በዓል የመድረክ መምሪያ ጽሑፍ፣ መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

(ለአስተዋዋቂው፦ ደመራው የሚለኮሰው ከቀኑ 11፡45 ነው። ፀሐይ ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ስለምትጠልቅ፣ ሕፃናትና አረጋውያን በጨለማ እንዳይጉላሉ ይህ ሰዓት አይገፋም። የሚዘገይ ካለ ከመዝሙር ይቀነሳል እንጂ ከጸሎት አይቀነስም።)

9፡30 — ካህናቱና መዘምራኑ ቦታቸውን ሲይዙ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። ክቡር የደብራችን አስተዳዳሪ፣ ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የተከበራችሁ የወረዳችን ተወካዮች፣ እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ! መርሐ ግብራችንን በጸሎት እንድንከፍት ሁላችንም ከመቀመጫችን እንድንነሣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

9፡45 — ከጸሎት በኋላ

አሜን፤ ተቀመጡ። «ወወሀብኮሙ ትእምርተ ለእለ ይፈርሁከ» ተብሎ እንደተጻፈ፣ ለሚፈሩት ምልክትን የሰጠ አምላክ ዛሬም በምልክቱ ሥር ሰብስቦናል። አሁን የደብራችን ሊቃውንት በጸናጽል፣ በመቋሚያና በከበሮ ያሬዳዊውን ወረብ ያቀርቡልናል። ወረቡ በዝግታ ተጀምሮ ወደ ጽፋት የሚያድግ ስለሆነ፣ ጭብጨባችንንና እልልታችንን ሊቃውንቱ እስኪጋብዙን ድረስ እናቆየው።

(15 ደቂቃ። ሊቃውንቱን ማቋረጥ ነውር ነው፤ ቢረዝሙ የሚጠፋው ጊዜ ከሁለተኛው መዝሙር ይወሰዳል።)

10፡05 — ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ትርኢት

ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ቀጥሎ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ሕፃናት ንግሥት እሌኒን፣ አረጋዊውን ኪራኮስንና የዕጣኑን ጢስ በትርኢት ያሳዩናል። እሌኒ የሆነችው ልጃችን ከወገቧ የሚወርደውን ነጠላ በግራ እጇ ሰብስባ እየመጣች ነውና፣ መሐል ላይ የተቀመጣችሁ መንገድ ልቀቁላት።

(12 ደቂቃ። አስተዋዋቂው ታሪኩን አስቀድሞ መተረክ የለበትም፤ ልጆቹ ያሳዩታል፣ ሰባኪውም ያብራራዋል፤ ሦስት ጊዜ ሲነገር ይሰለቻል።)

10፡20 — መዝሙርና የወረዳው መልእክት

እግዚአብሔር ያሳድግልን። መዘምራኖቻችን አንድ መዝሙር አቅርበው እንዳበቁ፣ የወረዳችን ተወካይ አጭር የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ያስተላልፋሉ።

(መልእክቱ 5 ደቂቃ ነው፤ ተወካዩ ከመድረኩ ሥር ሳሉ ጊዜው በጨዋ ቃል ይነገራቸው። ሰዓቱ 10፡35 ካላለፈ ሁለተኛው መዝሙር ይገባል።)

10፡45 — ወደ ስብከት

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት፣ ንግሥት እሌኒ የዕጣኑን ጢስ ምልክት ተከትላ፣ ቆሻሻ ተጥሎበት ተራራ ያከለውን ስፍራ መስከረም 17 ቀን ማስቆፈር ጀመረች፤ ቅዱስ መስቀሉም የተገኘው መጋቢት 10 ቀን ነው። በመካከሉ ያሉት ወራት የትዕግሥት ወራት ናቸው፤ የዛሬው ትምህርትም በዚሁ ላይ ያተኩራል። መምህራችንን ወደ መድረክ በአክብሮት እጋብዛለሁ።

(20 ደቂቃ። 11፡02 ላይ ሰባኪው ጊዜያቸው እያለቀ መሆኑን የምታስታውስ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይቀበላሉ።)

11፡08 — ማሳሰቢያ

ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ከዑደቱ በፊት የምነግራችሁን አደራ በጥሞና አድምጡኝ። ደመራው ከፍ ያለ ስለሆነና ወዴት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ ከተዘረጋው ገመድ ወደ ውስጥ ማንም እንዳይገባ፤ ሕፃናትን የያዛችሁ እናቶች ከበሩ በስተግራ በኩል ቁሙ። ችቦ የያዛችሁ ወጣቶች አስተዳዳሪው ሳይባርኩ አትለኩሱ። የጠፋ ልጅ ያጋጠመው ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ያምጣው። ነፋስ ከበረታ ሰልፈኞች ወደ ኋላ እንድትመለሱ በድምፅ ማጉያ እነግራችኋለሁና፣ ስትሰሙ ሳትገፋፉ ተመለሱ።

11፡20 — ቡራኬና ዑደት

የደብራችን አስተዳዳሪ ደመራውን ባርከው ቃለ ምዕዳን ይሰጡናል። ቡራኬው እንዳበቃ ካህናቱ መስቀሉን ይዘው ደመራውን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፤ መዘምራን ይከተላሉ፤ እኛ በያለንበት ቆመን በእልልታ እናጅባለን።

(ካህናቱ ሲዞሩ ማይክሮፎኑ ዝም ይላል። ጥቂት አስተዋዋቂዎች ዑደቱን እንደ እግር ኳስ ጨዋታ ያስተላልፋሉ፤ ይህ ለበዓሉ ክብር አይመጥንም።)

11፡45 — ልኮሳ

በመስቀሉ ያዳነን አምላክ ይክበር ይመስገን! አባታችን አሁን ደመራውን ይለኩሳሉ። መስቀል ኃይልነ፣ መስቀል ጽንዕነ፣ መስቀል ቤዛነ፣ መስቀል መድኃኒተ ነፍስነ እያልን አብረን እንበል።

(በአደይ አበባ ያጌጠው የመካከሉ ግንድ እስኪዘነብል ድረስ ሌላ ቃል አይጨመርም። እርጥብ እንጨት ከሆነ 10 ደቂቃ ይወስዳል፤ መዘምራኑ እንዲቀጥሉ በእጅ ምልክት ይሰጣቸው።)

12፡10 — ማሰናበቻ

ይህ በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ሥርዓት ጠብቀን ለልጆቻችን እናስረክብ። አመዱን በግንባራችሁ ልታደርጉ የምትሹ፣ ፍሙ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ አትቅረቡ፤ አስተናባሪዎች ራሳቸው ያድሏችኋል። የመስቀል በዓል ቅዳሴ ነገ በማለዳ ይከናወናል። የመዝጊያ ጸሎቱን አስተዳዳሪያችን ያደርሱልናል፤ ከጸሎቱ በኋላ መጀመሪያ እናቶችና ሕፃናት፣ ከዚያ ሌሎቻችን በዋናው በር እንውጣ።